ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፦ 5 ክፍለ ጊዜ የመጣው ከግጭቱ ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ነው

ይድረስ፦ ለኮሌጃችን ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዊክኤንድ ተመራቂዎች የፋይናል ፈተና ፕሮግራም

እንደምን ሰንብታችኋል።

ሰሌዳው ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አይቼዋለሁ። የተመራቂዎች ፋይናል 5 ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል ይላል። አዳራሽና ክፍል የምናገኘው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ፈተናው 3 ሳምንት ይዘልቃል ማለት ነው። ከሥሩም «በኮርሶች ግጭት ምክንያት ከዚህ በታች ማሳጠር አልተቻለም» የሚል አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስለማልስማማ ነው።

በግልጽ የምጽፍላችሁም ማስታወቂያውን ተማሪው ሁሉ አንብቦ ስላመነው ነው። ሒሳቡንም ተማሪው አብሮ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት የሚገባችሁን ልስጣችሁ። ያወጣችሁት ፕሮግራም ስህተት የለበትም። በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና የሚደርስበት ተማሪ አንድም የለም፤ ከምዝገባ ዝርዝሩ ጋር አመሳክሬዋለሁ። ቅሬታዬ «አልተቻለም» የምትለዋ ቃል ላይ ብቻ ናት። ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሠራተኞች ናቸው። የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካ ፈረቃ የሚቀያየሩ አሉ። ከዱከምና ከገላን የሚመላለሱ አሉ። ለእነሱ አንድ ተጨማሪ ሳምንት ማለት ከአለቃ ጋር አንድ ተጨማሪ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ወደ ኮርሶቹ። 9 ናቸው። አንደኛው የምርምር ዘዴ ሲሆን ሁሉም ተመራቂ ይወስደዋል። የቀሩት 8 ኤሌክቲቮች ናቸው። አራቱ ዲፓርትመንቶች እያንዳንዳቸው ለምርጫ ሀ አንድ፣ ለምርጫ ለ አንድ ኮርስ አቅርበዋል። አካውንቲንግ ኦዲቲንግንና ታክስን። ማኔጅመንት የሰው ኃይል አስተዳደርንና ፕሮጀክት ማኔጅመንትን። ማርኬቲንግ ማስታወቂያንና የሽያጭ ሥራን። ኢኮኖሚክስ ደግሞ የልማት ኢኮኖሚክስንና የግብርና ኢኮኖሚክስን። በየጥንዱ መጀመሪያ የጠቀስኩት የምርጫ ሀ፣ ሁለተኛው የምርጫ ለ ነው።

ደንቡን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ከምርጫ ሀ አንድ፣ ከምርጫ ለ አንድ ይመርጣል፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ዲፓርትመንት መሆን የለባቸውም። ኦዲቲንግ የያዘ ተማሪ ታክስን መውሰድ አይችልም፤ የሌሎቹን ሦስት ዲፓርትመንቶች የምርጫ ለ ኮርስ ግን መውሰድ ይችላል። በዚህ ደንብ 12 ዓይነት ጥምረት ይፈቀዳል። በዘንድሮው ምዝገባ 12ቱም ላይ ተማሪ አለ።

ይህን በወረቀት መሳል ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ኮርስ አብሮ የሚወስድ አንድ ተማሪ እንኳ ካለ፣ ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኙ። ከዚያ በመስመር የተገናኙ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጋችሁ ነጥቦቹን ቀቡ። ቀለሙ ክፍለ ጊዜ ነው። በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የግራፍ ቀለም ቅብ የሚባለው ይኸው ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ስንት ቀለም ይበቃል?

እናንተ የሠራችሁበት መንገድ ግሪዲ ይባላል። ኮርሶቹን በዝርዝር ትደረድራላችሁ። ከላይ ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ ኮርስ ግጭት የሌለበትን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትሰጣላችሁ። አንዴ የተሰጠውን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትነኩም። መንገዱ ፈጣን ነው፤ ግጭትም አይፈጥርም። እኔም ብሆን በእሱ ነበር የምሠራው። ጣጣው ዝርዝሩን በምን ቅደም ተከተል እንደምትደረድሩት ነው።

የእናንተ የኤክሴል ፋይል በዲፓርትመንት ነው የተደረደረው። የአካውንቲንግ ሁለቱ፣ ከዚያ የማኔጅመንት ሁለቱ፣ ከዚያ የማርኬቲንግ፣ ከዚያ የኢኮኖሚክስ፤ የጋራው ኮርስ መጨረሻ ላይ። አብረን እንከተለው።

ኦዲቲንግ ክፍለ ጊዜ 1 ያገኛል። ታክስ ከኦዲቲንግ ጋር ስለማይጋጭ እሱም 1 ይገባል። እዚች ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ግን በዚህ ሰዓት ማንም አያየውም። ቀጥሎ የሰው ኃይል አስተዳደር ይመጣል። ክፍለ ጊዜ 1 ላይ ታክስ አለ፤ ታክስንና የሰው ኃይልን አብረው የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ 2 ይገባል። ፕሮጀክት ማኔጅመንት ከኦዲቲንግ ጋር ይጋጫል፤ ከሰው ኃይል ጋር ግን አይጋጭም፤ 2። ማስታወቂያ ከታክስም ከፕሮጀክት ማኔጅመንትም ይጋጫል፤ 3። የሽያጭ ሥራም ከኦዲቲንግና ከሰው ኃይል ይጋጫል፤ 3። የልማትና የግብርና ኢኮኖሚክስ በተመሳሳይ ምክንያት 4 ላይ ያርፋሉ። የምርምር ዘዴ ከሁሉም ጋር ስለሚጋጭ 5።

የእናንተ ፕሮግራም ልክ ይኸው ነው። 5 ክፍለ ጊዜ፣ 3 ሳምንት።

በተማሪው ዓይን ደግሞ እንየው። ኦዲቲንግንና ፕሮጀክት ማኔጅመንትን የመረጠ ተማሪ መጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ሁለቱን ይጨርሳል። ሁለተኛውን ሳምንት ምንም ፈተና የለውም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለአንድ የምርምር ዘዴ ፈተና ብቻ ይመለሳል።

አሁን ግሪዲውን ሳንነካ ዝርዝሩን ብቻ እንቀይር። መጀመሪያ አራቱን የምርጫ ሀ ኮርሶች፣ ከዚያ አራቱን የምርጫ ለ፣ ከዚያ የጋራውን። ኦዲቲንግ 1። የሰው ኃይል ከኦዲቲንግ ጋር አይጋጭም፤ ሁለቱም የምርጫ ሀ ስለሆኑ አንድ ተማሪ ሁለቱን አይወስድም። ስለዚህ 1። ማስታወቂያ 1፣ የልማት ኢኮኖሚክስ 1። ታክስ ከኦዲቲንግ ጋር ባይጋጭም ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ይጋጫል፤ 2። ሌሎቹ የምርጫ ለ ኮርሶችም 2። የምርምር ዘዴ 3። አለቀ።

ያው ኮርስ፣ ያው ተማሪ፣ ያው አሠራር። 5 የነበረው 3 ሆነ።

በነገራችን ላይ ይህ የዘንድሮ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ኮሌጁ ነገ አምስተኛ ዲፓርትመንት ቢከፍትና በዚሁ ደንብ ሁለት ኤሌክቲቭ ቢያቀርብ፣ በእናንተ አደራደር 6 ክፍለ ጊዜ ትሆናላችሁ። ስድስተኛ ሲመጣ 7። በሁለተኛው አደራደር ግን ስንትም ዲፓርትመንት ቢመጣ 3 ላይ ይቆማል። ዲፓርትመንት በተጨመረ ቁጥር ክፍለ ጊዜ የሚጨመር ከሆነ፣ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈተነው ያው 3 ፈተና ከሆነ፣ ዝርዝሩን መጠርጠር ነው።

«አልተቻለም» ያላችሁት ግን ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባኛል። ከእናንተ አንዱ ባልደረባ «እያንዳንዱን ኮርስ ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ ለማዛወር ሞክረናል፤ ሁሉም ይጋጫል» ብለውኛል። ልክ ናቸው። እኔም ሞክሬዋለሁ። የሰው ኃይልን ወደ ክፍለ ጊዜ 1 ብትወስዱት ታክስ ይጠብቀዋል። ታክስን ወደ 2 ብትወስዱት የሰው ኃይል ይጠብቀዋል። ኦዲቲንግን ወደ 3 ብትሉ የሽያጭ ሥራ። ከዘጠኙ አንዱም ብቻውን የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለም። ይህ የሚያሳየው ግን አንድ በአንድ በማንቀሳቀስ ማሻሻል እንደማይቻል ነው። 5 ዝቅተኛው ቁጥር መሆኑን አያሳይም። ከዚህ ፕሮግራም ወደ 3ቱ ለመድረስ ብዙ ኮርሶችን በአንድ ጊዜ ማዛወር ይጠይቃል። ያንን ደግሞ በሙከራ ከማግኘት ዝርዝሩን አፍርሶ እንደገና መደርደር ይቀላል።

ታዲያ ዝቅተኛው መሆኑ በምን ይታወቃል? ከታች ወደ ላይ በመቁጠር ነው። እርስ በርሳቸው ሁሉም የሚጋጩ ኮርሶችን ፈልጉ። ኦዲቲንግ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንትና የምርምር ዘዴ ሦስቱም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ስለዚህ ከ3 በታች የሚሆን ፕሮግራም የለም። አራት እንዲህ ዓይነት ኮርስ ግን አታገኙም፤ ሁለት የምርጫ ሀ ወይም ሁለት የምርጫ ለ ኮርስ ማስገባት ግድ ስለሚል። እንግዲህ ከታች የተቆጠረው 3፣ በእጃችሁ ያለው 5። በመሐል ክፍተት ሲኖር «አልተቻለም» ማለት መቸኮል ነው። እርግጥ ሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ አይገናኙም። አምስት ኮርሶች በክብ ቢያያዙ፣ እያንዳንዱ ከጎንና ጎኑ ጋር ብቻ ቢጋጭ፣ ከሁለት በላይ እርስ በርስ የሚጋጩ የሉም፤ ክፍለ ጊዜው ግን 3 ይሆናል። በእኛ ጉዳይ ግን 3 በእጃችን ስለገባ ነገሩ ተዘግቷል።

አንድ ሰው «በጣም የሚጋጨውን ኮርስ አስቀድሙ» ብሎ ይመክራችሁ ይሆናል። ምክሩ የቆየ ነው። ዌልሽና ፖዌል የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ነው፤ ያኔም ያሰቡት ለፕሮግራም ድልደላ ነበር። ኮንዶሚኒየም ስንገባ አይሱዙው ላይ ቁም ሣጥኑን አስቀድመን እንደምንጭነው ነው፤ ትንንሹ ዕቃ ክፍተት አያጣም። ብዙ ቦታ ይሠራል። እኛ ጋ ግን አይሠራም። ለምን? የምርምር ዘዴ ከ8 ጋር ስለሚጋጭ አንደኛ ይወጣል፤ ጥሩ። ስምንቱ ኤሌክቲቮች ግን እያንዳንዳቸው ከ4 ኮርስ ጋር ነው የሚጋጩት፤ ከሦስት ኤሌክቲቭና ከምርምር ዘዴ። ሁሉም እኩል ናቸው። እኩል ሲሆኑ ኤክሴል በነበሩበት ያስቀራቸዋል፤ ማለትም በዲፓርትመንት። ውጤቱ እንደገና 5።

የሚሠራልን እ.ኤ.አ. በ1979 ብሬላዝ የሚባል ሰው ያቀረበው መንገድ ነው። ዲሳቱር ይሉታል። ዝርዝሩን አስቀድሞ አይደረድርም፤ እየመደበ ነው የሚመርጠው። በየደረጃው «እስካሁን ብዙ ክፍለ ጊዜ የተዘጋበት የትኛው ኮርስ ነው?» ብሎ ይጠይቅና እሱን ይመድባል። እኩል ከሆኑ ብዙ የሚጋጨውን ያስቀድማል። እሱም እኩል ከሆነ ከዝርዝሩ ከላይ ያለውን።

በእናንተው ዝርዝር ላይ ልሞክረው። ምንም ሳልቀይር። የምርምር ዘዴ ብዙ ስለሚጋጭ መጀመሪያ 1 ይይዛል። አሁን ስምንቱም ላይ 1 ተዘግቷል፤ እኩል ናቸው። ከላይ ያለው ኦዲቲንግ 2 ይይዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዝርዝሩ ቀጣዩ ታክስ ነው። ታክስ ላይ ግን የተዘጋው 1 ብቻ ነው። ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ የሽያጭ ሥራና የግብርና ኢኮኖሚክስ ላይ ደግሞ 1ም 2ም ተዘግተዋል። ስለዚህ ታክስ ይጠብቃል፤ ፕሮጀክት ማኔጅመንት 3 ይይዛል። ቅድም የተበላሸችው ቦታ እዚህ ላይ ተስተካከለች። ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የተዘጉበት 1ና 3 ናቸው፤ ስለዚህ 2። እሱ 2 ሲይዝ ታክስ ላይ 2 ይዘጋል። ታክስ ተራው ሲደርስ 1ም 2ም ስለተዘጉበት ሳይወድ በግድ 3 ይገባል፤ ቦታውም ያ ነው። የቀሩትም እንዲሁ ወይ 2 ወይ 3 ላይ ይገባሉ። አራተኛ ክፍለ ጊዜ አይከፈትም።

ይህ መንገድ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ዝቅተኛውን ይሰጣል ብዬ አልዋሻችሁም። ካርፕ የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 የቀለም ቅቡን ጥያቄ ከከባዶቹ ችግሮች ተርታ አስቀምጦታል። ለሁሉም ዓይነት ግራፍ ፈጥኖ ዝቅተኛውን የሚያገኝ ዘዴ እስካሁን የለም። ግን አንድ ነገር እርግጥ ነው፤ ዝቅተኛውን የሚያስገኝ አደራደር ሁልጊዜ አለ። ምርጡ ፕሮግራም በእጃችሁ ቢሆንና ኮርሶቹን በክፍለ ጊዜያቸው ተራ ብትደረድሯቸው፣ ግሪዲው ከዚያ ቁጥር አያልፍም። ለእኛ 9 ኮርስ ደግሞ ነገሩ ከባድ አይደለም። ዘጠኝ ኮርስ በ362,880 መንገድ ይደረደራል፤ ቢሯችሁ ያለው ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ይጨርሰዋል።

«ቦታ አይበቃም» የምትሉኝ ከሆነ መልስ አለኝ። በአዲሱ ፕሮግራም የምርጫ ሀ አራት ፈተናዎች በአንድ ሰዓት ስለሚሰጡ ሁሉም ተመራቂ በአንድ ጊዜ ይቀመጣል። እውነት ነው። ግን የምርምር ዘዴ ፈተና ላይም ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚቀመጠው፤ በእናንተም ፕሮግራም። ለዚያ የበቃ ወንበር ለዚህም ይበቃል። የሚለየው ክፍሎቹን ለአራት ዓይነት ወረቀት መከፋፈል ብቻ ነው። ፈታኝ የሚጎድል ከሆነ እኔና ሌሎች የዊክኤንድ መምህራን አለን።

የድጋሚ ተማሪ ጉዳይ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። አምና የሽያጭ ሥራን አቋርጦ ዘንድሮ ከታክስ ጋር አብሮ የሚወስድ አንድ ተማሪ አለ እንበል። ሁለቱም የምርጫ ለ ናቸው። በዚህ አንድ ተማሪ ምክንያት አዲስ መስመር ይሰመራል። ታክስ፣ የሽያጭ ሥራ፣ የሰው ኃይልና የምርምር ዘዴ አራቱም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ያኔ በእርግጥም ከ4 በታች አይቻልም። ስለዚህ የግጭት ሰንጠረዡን አድና ድሮፕ ሳይዘጋ አትሥሩት፤ አንድ ዘግይቶ የመጣ ስም ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል።

ያም ሆኖ 4 ክፍለ ጊዜ 2 ሳምንት ነው። ክፍለ ጊዜዎቹን እንዳሉ እርስ በርስ ማቀያየር ግጭት ስለማያመጣ፣ እኔ እንዲህ ባደርገው እላለሁ። መጀመሪያው ቅዳሜ ምርጫ ሀ። እሁድ የምርምር ዘዴ። በሳምንቱ ቅዳሜ ምርጫ ለ። የመጨረሻው እሁድ ክፍት ይሁን። የድጋሚ ተማሪ ከተገኘ የሽያጭ ሥራ ወደዚያ ይሂድ፤ ካልተገኘ የታመመና ያመለጠው ይፈተንበት። ተማሪውም በመጨረሻው ኤሌክቲቩ ላይ የሚያጠናበት አምስት የሥራ ቀን ማታ ያገኛል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማስታወቂያውን አንሱት፤ ወይም ቢያንስ «አልተቻለም» የሚለውን መስመር ሰርዙት። ከፕሮግራሙ ጎን የግጭት ሰንጠረዡንም ለጥፉ፤ የተማሪ ስም አያስፈልገውም፤ ኮርስ በኮርስ ብቻ ይበቃል። ያኔ ቁጥሩን ማንም ሰው ራሱ ያጣራዋል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ፋይሉ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ በየኮርሱ ፊት እስካሁን የተዘጋበት ክፍለ ጊዜ ብዛት የሚጻፍበት። ቀጣዩን ኮርስ ከዝርዝሩ ተራ ሳይሆን ከዚያ ዓምድ ምረጡ።

ፈተናው ሳይጀምር ለውጡን ለማውጣት ጊዜ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከክፍለ ጊዜዬ በፊት ቢሯችሁ እመጣለሁ፤ ፋይሉን ከከፈታችሁልኝ አብረን እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የዊክኤንድ ፕሮግራም የስታቲስቲክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለአራቱ ዲፓርትመንት ኃላፊዎች
ለተመራቂ ተማሪዎች ተወካይ